ታችፓዱ ራሱ የሚዘለው ለምንድን ነው? ፎርማት ከማስደረግ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። ዊንዶውስ 11 አፕዴት ካደረግኩ በኋላ የላፕቶፔ ታችፓድ ራሱ ይዘላል፣ ሳልነካው ክሊክ ያደርጋል። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ አልሠራ አለ። አንድ ሱቅ ፎርማት ይደረግ አሉኝ። ልስጣቸው ወይስ ሌላ መላ አለ? አዳማ ነኝ።»

ወንድሜ፣ አሁኑኑ ፎርማት አታስደርግ። የጻፍከው ሁለት የተለያየ ችግር ሊሆን ይችላል። መዝለልና ራሱን ክሊክ ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ ጭራሽ መቆም ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ አፕዴት የሚያመጣው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ግን በአብዛኛው ከኮረንቲ ወይም ከባትሪ ይመጣል፣ ፎርማት ደግሞ ሁለቱንም አይነካቸውም።

ከመዝለሉ ልጀምር። ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ንቀለውና በባትሪ ብቻ ትንሽ ሥራበት። ጠቋሚው ከተረጋጋ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም። ታችፓድ ጣትህን የሚያውቀው ስትጫነው አይደለም፤ ጣትህ ሲቀርብ ከሥሩ ባሉት ስስ መስመሮች ላይ የሚፈጠረውን በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ እየለካ ነው። ቻርጀር ደግሞ ሲሠራ ትንሽ ረብሻ ወደ ላፕቶፑ አካል ያሳልፋል። ባለ ሦስት ሽቦ ቻርጀር ከሆነና ሶኬቱ በደንብ የሠራ ኤርዝ ካለው ያ ረብሻ ወደ መሬት ይሄዳል። ኤርዝ ከሌለ ግን እዚያው ይቀራል፣ ታችፓዱም እንደ ጣት ይቆጥረዋል። ብረት የለበሰ ላፕቶፕ ካለህ እጅህን ስታሳርፍበት ቀለል አድርጎ የሚነዝርህም ከዚሁ የተነሳ ነው።

የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ልክ እንዳንተው ነበር። እሷም «አፕዴት ነው ያበላሸብኝ» ነበር የምትለው። ቢሮ ስትወስደው ሰላም ነው፣ ቤት ስትመልሰው ፋይል ራሱ ይከፈታል፣ ጽሑፍ ራሱ ይመረጣል። ቤቷ አዳማ ነው። ኮረንቲ የምትወስደው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በተዘረጋ ዲቫይደር ነበር። ዲቫይደሩ ላይ የኤርዝ ብረቶቹ አሉ፣ ላየው ሰው ሙሉ ይመስላል። ከግድግዳው ነቅለን የፕለጉን ብሎን ስንፈታ ግን ገመዱ ባለ ሁለት ሽቦ ነው፣ የኤርዙ ቦታ ባዶውን ነው። በባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ተቀየረ፣ የግድግዳው ሶኬትም ኤርዝ ስለነበረው መዝለሉ እዚያው ቆመ። አፕዴቱ ላይ ያሳበበችውም በምክንያት ነው። አፕዴት ሲጫን ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሰነብታል፣ ስለዚህ ችግሩ መጀመሪያ ዓይኗ የገባው ያን ጊዜ ነው።

የግድግዳው ሶኬት ራሱ ኤርዝ እንዳለው ኤሌክትሪሺያን በሜትር ያይልህ። በፌዝና በኤርዝ መካከል ያለው ንባብ በፌዝና በኒውትራል መካከል ካለው ጋር ተቀራራቢ፣ ማለትም ወደ 220 ቮልት መሆን አለበት። «ኤርዝ የለም፣ ከኒውትራሉ ጋር አገናኝቼ ልስጥህ» የሚልህ ካለ እሺ አትበል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ የላፕቶፑ አካል ላይ ሙሉ ኮረንቲ ሊመጣ ይችላል። ቻርጀርህ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ወይም በቅርቡ በርካሽ የተገዛ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ለላፕቶፕህ የተሠራ ትክክለኛ ቻርጀር ከጓደኛ ተውሰህ ሞክር።

ቻርጀሩ ተነቅሎም ከዘለለስ? ላፕቶፑን ዝጋውና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ይወዛወዛል? ታችፓዱ ከአካባቢው ከፍ ብሏል፣ በአንዱ ጠርዝ ክፍተት ይታያል? ስትጫነው ድሮ የነበረው «ጠቅ» የሚል ስሜት ጠፍቷል? ከነዚህ አንዱ ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ከታችፓዱ ሥር ወይም አጠገብ ነው፤ ሲያብጥ ከታች ይገፋዋል፣ ክሊኩም ሳትነካው ይጫናል። ሙቀት ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፣ ስለዚህ በአዳማ ሙቀት፣ በተለይ ሁሌ ቻርጀር ላይ ለሚውል ላፕቶፕ፣ ይህን አትናቅ። እንዲህ ካየህ አጥፋው፣ ቻርጅ አታድርገው፣ እንዲገባ ብለህ አትጫነው፣ አትብሳውም። ባትሪውን ቀይር። እሳት ሊያስነሳ የሚችል ነገር ስለሆነ ለነገ የሚባል አይደለም።

አሁን ወደ መቆሙ። መጀመሪያ ከላይ ባለው የኤፍ ቁልፎች መስመር ላይ የታችፓድ ሥዕል ያለበት ካለ Fn ይዘህ ጫነው፤ በስህተት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ማውስ ሰክተህ ከሆነ ደግሞ Settings ውስጥ Bluetooth & devices ቀጥሎ Touchpad ግባና Leave touchpad on when a mouse is connected ምልክት እንዳለበት እይ። ምልክቱ ከሌለ ማውስ በሰካህ ቁጥር ታችፓዱ ይዘጋል፣ አንተም ተበላሸ ትላለህ።

ቀጥሎ ላፕቶፑን በደንብ አጥፋው። ዊንዶውስ በተለመደው Shut down ሲጠፋ ቶሎ ለመነሳት ሲል የድራይቨሮችን ሁኔታ አስቀምጦ ስለሚተኛ የተንጠለጠለው ታችፓድ እንደተንጠለጠለ ይነሳል። ክፍት ሥራህን ሴቭ አድርግና Command Prompt ላይ ይህን ጻፍ፦

```
shutdown /s /t 0
```

ካልተመለሰ Win እና X ጫንና M ምረጥ፣ Device Manager ይከፈታል። Human Interface Devices የሚለውን ዘርጋ። እዚያ I2C HID Device ላይ ቢጫ ምልክት ካየህ፣ ስትከፍተውም Code 10 ካለህ፣ ዊንዶውስ ታችፓዱን አይቶታል፣ ማስነሳት ግን አልቻለም ማለት ነው። የአፕዴት ጣጣ አንዱ መልኩ ይህ ነው። Driver በሚለው ትር ውስጥ Roll Back Driver ካልደበዘዘ ተጫነውና ሪስታርት አድርግ። ከደበዘዘ የቀድሞው ድራይቨር የለም፤ Uninstall device ብለህ ሪስታርት አድርግ፣ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ድራይቨሩን ከሥሩ አጥፋ የሚለውን ሳጥን ለጊዜው ተወው። ይህም ካልሆነ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በራስህ ሞዴል ቁጥር ፈልገህ መጀመሪያ የ Serial IO ድራይቨሩን፣ ቀጥሎ የታችፓዱን ጫን። ኢንቴል ፕሮሰሰር ባለባቸው ብዙ ላፕቶፖች ታችፓዱ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚነጋገረው በዚያ በኩል ነው፤ እሱ ከተበላሸ የታችፓዱን ድራይቨር ደጋግመህ ብትጭን ዋጋ የለውም። «ድራይቨር እናዘምናለን» የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞችን ግን አታውርድ።

ሲመለስልህ Windows Update ውስጥ Pause updates ብለህ ጥቂት ሳምንት ስጠው፣ ያው ድራይቨር በማግስቱ እንዳይመለስብህ።

ታችፓዱ Device Manager ውስጥ ጭራሽ ስሙ ከሌለ ላፕቶፑ ሲነሳ BIOS ወደሚባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ግባ። እዚያ ጠቋሚው ከተንቀሳቀሰ ሃርድዌሩ ደህና ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ወዲያው አትደምድም፣ አንዳንድ BIOS ታችፓድ አይቀበልም። ያን ጊዜ ወደ ሱቁ ሂድና «ፎርማት አድርጉልኝ» ሳይሆን «ክፈቱትና የታችፓዱን ገመድና ባትሪውን ከፊቴ እዩልኝ» በላቸው። የላላ ገመድ ነቅሎ መልሶ መሰካት አጭር ሥራ ነው። ቻርጀር ስትነቅል ምን እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የላፕቶፑን ሞዴልም ጨምር።