መጥሪያው ደርሶኛል፤ ጠበቃ ግን የለኝም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ከቤተሰብ ችሎት ደጃፍ የመጡ ናቸው። ሥነ ሥርዓቱ በመላ አገሪቱ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ግን ክልሎች የየራሳቸው ስላላቸው፣ እኔ የምጠቅሰው አዲስ አበባ ላይ የሚሠራውን አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው።

«ባለቤቴ ፍቺ ጠይቆ መጥሪያ ቤቴ መጣ። ጎረቤቶቼ ‹አትቀበይ፣ ካልፈረምሽ ክሱ አይሄድም› ሲሉኝ አልቀበልም ብዬ መለስኩት። ለጠበቃ የሚሆን ሳንቲም የለኝም። ልክ ሠራሁ?»

አይ እህቴ፣ ጎረቤቶችሽ አሳስተውሻል። አልቀበልም ካልሽ መጥሪያ አድራሹ በርሽ ላይ ለጥፎት ይሄዳል፣ ያንኑም ጽፎ ለፍርድ ቤቱ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ እንደደረሰሽ ተቆጥሮ፣ በቀጠሮው ቀን ካልቀረብሽ ክሱ በሌለሽበት ይሰማል።

ደግሞ መደበቁ ፍቺውን አያስቀረውም። ዳኛው ሊያስታርቁ ይሞክራሉ፣ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጡ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ እሱ በቃኝ ካለ ይፈታል። አንቺ ስትቀሪ የሚጎዳው ሌላው ነገር ነው፦ ልጆቹ ማን ዘንድ ይሆናሉ፣ ቤቱን ማን ይይዛል፣ እስከ ውሳኔው ድረስ በምን ትኖሪያለሽ። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ ክርክሩ ሳያልቅ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ጠይቂው፤ የምትጠይቂው ግን ከቀረብሽ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መታወቂያሽን ይዘሽ ሬጅስትራር ዘንድ ሂጂ። ስምሽንና ስሙን ነግረሽ የመዝገብ ቁጥሩን አስወጪ። የክሱንና የማስረጃውን ቅጂ ተቀበይ። መጥሪያው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን አለ፦ አንዱ የጽሑፍ መልስ የሚገባበት፣ ሌላው ክሱ የሚሰማበት። ሰው የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ካለፈ ግን መዝገቡ ላይ «መልስ የመስጠት መብት ታልፏል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

«የልጄ እናት በወር 8,000 ብር ቀለብ እንድከፍል ከሳኛለች። ‹ለልጁ ምንም ሰጥቶ አያውቅም› ትላለች። የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፣ እጄ ላይ የሚደርሰው 9,400 ብር ነው። ‹ክሱ ውሸት ነው› ብዬ ብጽፍ ይበቃል?»

አይበቃም ወንድሜ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ በግልጽና በዝርዝር ያልካድከው ነገር እንዳመንክ ይቆጠርብሃል። በጅምላ «ውሸት ነው» ማለት መካድ አይደለም። ክሱን ከፊትህ አስቀምጥና አንቀጽ በአንቀጽ መልስ።

ያንተን ጉዳይ እንውሰድ። ልጁ ያንተ ከሆነ እመነው፣ ዳኛ ፊት ታማኝ ያደርግሃል። ቀጥሎ «ምንም ሰጥቶ አያውቅም የተባለው ሐሰት ነው፤ በየወሩ 2,000 ብር በቴሌብር ልኬያለሁ» በል፣ ልከህ ከሆነ። ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነም ጻፍ። ከዚያ ወደ መጠኑ ግባ፤ ቀለብ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። 9,400 ታገኛለህ እንበል፣ 3,500 የቤት ኪራይ ይወጣል፣ 5,900 ይቀራል። እሷ የጠየቀችው ከዚህ በላይ ነው። ይህ ስሌት በሁለት መስመር ቢቀመጥ ከገጽ ሙሉ ምሬት ይበልጣል።

ደግሞ «አልችልም» ብለህ አትቁም። የምትችለውን ቁጥር አስቀምጥ፣ ለምሳሌ 2,500 ብርና የትምህርት ቤት ክፍያ ግማሽ። ቁጥር ያላቀረበ ሰው ዳኛው እጅ ላይ የሚተወው የከሳሽን ቁጥር ብቻ ነው። እናትየውም ገቢ ካላት ጥቀስ፤ ቀለቡ የሁለታችሁም ግዴታ ነው።

ማስረጃውን ከመልሱ ጋር አያይዝ፦ ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል፣ የቴሌብር መልእክቶቹ በቀን ተራ ታትመው። ምስክር ካለህ ስሙን፣ አድራሻውንና ምን እንደሚያስረዳ ጻፍ። በመጨረሻም «ይህ መልስ እውነት መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ብለህ ፈርም። አንድ ለፍርድ ቤት፣ አንድ ለከሳሽ አዘጋጅ። ሦስተኛውን ማኅተም አስመትተህ ራስህ ያዝ፤ እንዲያውም እሱን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው። መልስ ለማስገባት ዳኝነት አይከፈልም። የሚከፈለው አንተም በተራህ ከሳሽ ሆነህ የራስህን ጥያቄ ስታቀርብ ነው።

ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች በትንሽ ብር ይጽፉልሃል፣ ክፋት የለውም። ግን ሳታነብ አትፈርም። አንዴ አንድ ዘመዴ አስጽፎ አምጥቶ ሳነበው፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የማናውቃት ልጅ ስም አለ። ከሌላ ሰው መልስ ተገልብጦ ነው።

«የመንግሥት ጠበቃ ይቆምልሻል አሉኝ። የድህነት ማስረጃ ከወረዳ ካመጣሽ ይሰጥሻል ይላሉ። እውነት ነው?»

ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሻል። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ላይ የሰፈረው፣ በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ነው። የድህነት ማስረጃ ደግሞ «ደሃ ደንብ» የምንለው ነው፤ ከዳኝነት ክፍያ ያድንሻል እንጂ ጠበቃ አያመጣም።

ለቤተሰብ ጉዳይ የምትሄጂው ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያቋቁሟቸው ማእከላት አሉ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አለ። ማመልከቻ ይጽፉልሻል፣ ያማክሩሻል፤ ችሎት ይቆሙልሻል ብለሽ ግን አትተማመኚ። መጥሪያው በደረሰሽ ሳምንት ሂጂ። የመልሱ ቀን ደርሶ ገና ወረፋ ላይ ከሆንሽ ምክንያትሽን ጽፈሽ ቀጠሮ ጠይቂ። ዳኛው ላይፈቅዱ ይችላሉና ግማሽ ገጽም ቢሆን የራስሽን መልስ በእጅሽ ያዢ።

«ኩዌት ሰው ቤት እሠራለሁ። አገር ቤት ባለቤቴ ከሶኛል። ወንድሜ ሊቆምልኝ ይችላል?»

ይችላል። ጠበቃ ያልሆነ ሰው እንዲወክል ሕጉ የሚፈቅደው ለቅርብ ዘመድ ነው፦ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም። የልብ ጓደኛ አይገባበትም። ውክልናውን ኤምባሲ ሄደሽ ስጪ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲከራከር፣ መልስ እንዲሰጥና እንዲታረቅ በስም ይጻፍበት። አገር ቤት ሲደርስ ወንድምሽ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያስረጋግጠዋል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቀጠሮው ቀን ወንድምሽ ሂደቱን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ይቅረብና ለችሎቱ ያስረዳ።

«እኔ ሳላውቀው በሌለሁበት ተፈርዶብኛል። የሰማሁት ደመወዜ ሲቆረጥ ነው። አለቀልኝ?»

አላለቀም፣ ግን ሰዓቱ እየቆጠረ ነው ጋሼ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ይሰጥዎታል። አቤቱታው የሚገባው እዚያው ለፈረደው ችሎት ነው። ማሳየት ያለብዎት ከሁለት አንዱን ነው፦ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰዎትም፣ ወይም በበቂ ምክንያት ቀርተዋል። ሬጅስትራር ሄደው መጥሪያ አድራሹ የመለሰውን ወረቀት ያስወጡ። በለቀቁት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ከሆነ የአሁኑን ቤት የኪራይ ውል ያያይዙ። ደመወዝ የተቆረጠበትን ወር የሚያሳይ ወረቀትም ከክፍያ ክፍል ይውሰዱ፤ ያወቁበትን ቀን የሚያስረዳልዎት እሱ ነው። አፈጻጸሙ እንዲታገድ በዚያው አቤቱታ ይጠይቁ።