«እሺ» ያለ ሁሉ ይመጣል?

ጥያቄ፦ «በቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ለታካሚዎች በስልክ የጽሑፍ መልእክት እንልካለን። በፊት ‹ለማረጋገጥ አረጋግጥ፣ ለማስተላለፍ አስተላልፍ፣ ለመሰረዝ ሰርዝ ብለው ይመልሱ› እንል ነበር፤ የሚመልስ ጠፋ። ቀጥለን ‹እሺ፣ ይቀየር ወይም ይቅር› አልን። አሁን መልሱ በዝቷል፤ ነገር ግን እሺ ያሉት ይቀራሉ፣ ‹ይቅርታ ትንሽ እዘገያለሁ› ብለው የጻፉ እናት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሰርዟቸው ተራቸው ለሌላ ሰው ተሰጠ። መምህር፣ ምን ብለን ብንጽፍ ይሻላል?»

መልስ፦ ከመጀመሪያው ልጀምር። «ሰርዝ» ብሎ የሚመልስ ሰው ማንን እያዘዘ ነው? መልእክቱ የሚደርሳቸው እናት ጽፈው ሲልኩት፣ እርስዎን በወንድ ጾታ በአንተ እያዘዙ ነው። እንኳን ለማያውቁት የክሊኒክ ሠራተኛ፣ ለጎረቤት ልጅም እንዲህ አይሉም። እርስዎ «ብለው ይመልሱ» እያሉ በአክብሮት ጠይቀዋቸው፣ እሳቸው እንዲመልሱ የሰጧቸው ቃል ግን አክብሮት የለውም። በዚህ ላይ «አስተላልፍ» ሁለት ፍቺ አለው፤ ቀጠሮን ወደ ሌላ ቀን መግፋትም ነው፣ መልእክትን ለሌላ ሰው ማድረስም ነው። «ይህ መልእክት ለማን ይተላለፍ?» ብሎ ግራ የተጋባ ታካሚ ቢኖር አልፈርድበትም። የመመለሻ ቃል የሚጻፈው በታካሚው ጣት ስለሆነ፣ ታካሚው በራሱ አፍ ሳያፍር የሚለው ቃል መሆን አለበት።

ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ መንገድ አለው። አድራጊው ሳይጠራ ነገሩ እንዲሆን ሲፈለግ «ይቀየር»፣ «ይሰረዝ» እንላለን። ማን ይቀይረው፣ ማን ይሰርዘው አይባልም፤ ስለዚህ አንተም አንቺም እርስዎም የለበትም። ወንድም ሴትም፣ ሽማግሌም ወጣትም በዚያው ቃል ይመልሳሉ። ሁለተኛው መልእክታችሁ መልስ ያገኘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ወደ «እሺ» እንምጣ። «እሺ» በአማርኛ መስማትን ይገልጻል፣ መስማማትንም ይገልጻል፣ አንዳንዴም ጨዋታው እንዲያበቃ ብቻ ይባላል። ስብሰባ ላይ የማይገኝ ሰው «እሺ» ይላል፤ የሚገኘውም እንዲሁ። ታካሚው «ነገ ቀጠሮ አለዎት» የሚል ዓረፍተ ነገር ደርሶት «እሺ» ሲል፣ መልእክቱ መድረሱን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። አልዋሸም፤ እናንተም ስለመምጣቱ አልጠየቃችሁትም። ነገሩ የሚስተካከለው መልእክቱን ወደ ጥያቄ በመለወጥ ነው። «ይመጣሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ሲል መልሱ ከመምጣት ውጭ የሚያያዝበት ነገር የለውም። «አዎ» ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ጾታም የለውም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ጥያቄው በአዎንታ ይሁን። «አይመጡም?» ብለው ቢጠይቁ የአማርኛ ተናጋሪ «አዎ» ሲል «አዎ፣ አልመጣም» ማለቱ ነው። ይሉኝታ የያዘው ጸሐፊ ጥያቄውን ለማለስለስ «አይመጡም እንዴ?» ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ የሚመጣው «አዎ» ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ራሱ ጠያቂውም አያውቀውም።

«ይቅር» በንግግር ጥሩ ቃል ነው፤ ለስለስ ያለና ማንንም የማያስቀይም። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ሲሆን ዘመዶቹ ይበዙበታል። ኮምፒውተራችሁ የመልእክቱን መጀመሪያ ብቻ አይቶ «ይ፣ ቅ፣ ር» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ስላገኘ «ይቅርታ»ን «ይቅር» አድርጎ አንብቦታል። ለመዘግየት ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሊመጣ ያሰበ ሰው ነው፤ የተሰረዙት እናት ከታካሚዎቻችሁ ሁሉ ይበልጥ የሚመጡት ነበሩ ማለት ነው። በሌላ በኩል «ይቀየር» ሲጻፍ «የ» ብትዘለል «ይቀር» ይሆናል፤ «ይቀር» እና «ይቅር» ደግሞ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ቅርጽ ብቻ ነው። በትንሽ ስልክ ሰሌዳ በችኮላ የሚጽፍ ሰው ቀኑን ሊያስቀይር አስቦ ቀጠሮውን ሊያጣ ይችላል። «ይሰረዝ» ትንሽ የቢሮ ሽታ አለው፤ ቢሆንም ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር የሚያምታታው ነገር የለም፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። «አልችልም»ን ግን ፈጽሞ አያስገቡ፤ በዚያ ቀን ነው ያልቻለው ወይስ ሕክምናውን ትቶታል?

ስለዚህ መልእክቱ እንዲህ ቢሆን፦

«ጥርስ ክሊኒክ፦ ሐሙስ ጥቅምት 6 ጠዋት 3 ሰዓት ይመጣሉ? አዎ፣ ይቀየር ወይም ይሰረዝ ብለው ይመልሱ።»

ፊደሉን፣ ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ሁሉ ቆጥሬ 64 ሆኖልኛል። ቁጥሩን የምጠቅሰው በዋዛ አይደለም። አንድ የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። በላቲኑ መካከል አንዲት የግእዝ ፊደል ብትገባ እንኳን ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ያለፈው ለሁለት ይከፈልና የሁለት መልእክት ሒሳብ ይታሰባል። ከጥያቄዎ ጋር ያያያዙት በ«ውድ ደንበኛችን» የሚጀምረው የድሮ መልእክት 118 ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ ሁለት ጊዜ ስትከፍሉ ኖራችኋል፤ ለ«ውድ ደንበኛችን» ጭምር።

64 የሆነው በአጭሩ ቀን ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ መስከረም፣ ዕለቱ ባለ ሁለት አሃዝ፣ «ጠዋት» የሚለውም «ከሰዓት» ሆኖ ሰዓቱ 10 ቢሆን እንኳን 69 ይደርሳል እንጂ አያልፍም። ስለዚህ የክሊኒካችሁን ስም በ«ጥርስ» ቦታ ስታስገቡ ከአራት ፊደል እንዳይበልጥ አሳጥሩት። ስሙ መልእክቱ ውስጥ የግድ መኖር አለበት። አንዳንድ ድርጅቶች በላኪው ቁጥር ፋንታ ስማቸው እንዲታይ ያደርጋሉ፤ በስም ለተላከ መልእክት ግን መልስ መላክ አይቻልም። መልስ የምትፈልጉ ከሆነ ከቁጥር መላክ አለባችሁ፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

«ነገ» የሚለውን ያወጣሁት መልእክት አንዳንዴ ስለሚዘገይ ነው። ስልኩ ሌሊቱን ተዘግቶ ያደረ ሰው ጠዋት ሲከፍተው «ነገ» የሚለውን ያነብና አንድ ቀን ሙሉ ይሳሳታል። የዕለቱ ስም ከቀኑ ጋር መቀመጡም ጥቅም አለው፤ በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር ሐሙስ ሐሙስ ነውና። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን በራሱ አቆጣጠር እንዳያስገባ ደግሞ ይመልከቱ። «9:00» የሚል የደረሰው ታካሚ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢመጣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

«1፣ 2 ወይም 3 ብለው ይመልሱ» የሚል ሐሳብ የሚያመጣ ባለሙያ ይኖራል። ለቁጥር ፊደል መምረጥ አያስፈልግም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ቀጠሮው 3 ሰዓት ላይ በሆነበት መልእክት «3» ብሎ የሚመልስ ሰው ምን አለ? ሰዓቱን እያረጋገጠ ነው ወይስ ሦስተኛውን ምርጫ መርጦ እየሰረዘ? ቃሉ ይሻላል።

ቃሉም ቢሆን በአንድ መልክ ብቻ አይመጣም፤ ፕሮግራሙን ለሠራላችሁ ሰው ይህን ይንገሩት። «አዎ» የሚለው «አዎን»፣ «አወ»፣ «አው» ሆኖ ይመጣል። «ይሰረዝ» በንጉሡ ሠ «ይሠረዝ» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከማመሳከሩ በፊት ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ መመለስ፣ በመጨረሻ ያለውን አራት ነጥብ ወይም በምትኩ የተደረደሩ ሁለት ሁለት ነጥቦችን መጣል አለበት። በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው፤ `awo`፣ `awon`፣ `ykeyer`፣ `yikeyer`፣ `yiserez` በዝርዝሩ ይግቡ። «እመጣለሁ» የሚለውንም ባትጠይቁት እንኳን የሚጽፈው አይጠፋም፤ ከእነዚያም ስንቱ «እመጣለው» እንደሚለው በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስህተቱን በልቤ አርሜ እቀበለዋለሁ፤ ኮምፒውተሩም ይቀበለው።

ዋናው ነገር ማመሳከሪያው ሙሉ ቃልን እንዲያይ ነው፤ የቃል ቁራጭን አይመልከት። «መጣ» የሚለውን ፈልጎ «ይመጣል» ብሎ የሚመዘግብ ፕሮግራም «አልመጣም»ንም እንደ መምጣት ይቆጥረዋል፤ አማርኛ አሉታውን የሚያደርገው በቃሉ ፊትና ኋላ ነውና። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ መልስ ሁሉ፣ እንዲሁም «አዎ ግን ይቀየር» ዓይነት ሁለት ሐሳብ የያዘ መልስ፣ ወደ እርስዎ ይምጣ፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ምንም አይሰርዝ። «ይቅርታ ትንሽ እዘገያለሁ»ን እርስዎ በአንድ አፍታ ይረዱታል። ልማድ ሆኖበት «እሺ» ያለውንም ተራውን አይንጠቁት፤ ስሙ አጠገብ ምልክት አድርገው ጊዜ ሲያገኙ ይደውሉለት። ዝም ያለውንም ቀረ ብለው አይመዝግቡት፤ የስልኩ ሒሳብ አልቆ መመለስ ያቃተው ሊሆን ይችላል።

«ይቀየር» ላለው የሚላከው ሁለተኛ መልእክትም በአንድ ቃል ይመለስ፦ «ሰኞ ጥቅምት 10 ወይስ ረቡዕ ጥቅምት 12 ይሻልዎታል? ሰኞ ወይም ረቡዕ ብለው ይመልሱ።» በጥያቄው ውስጥ «ወይስ»፣ በመመለሻው መመሪያ «ወይም» መሆኑን ልብ ይበሉ፤ «ወይስ» አንዱን እንዲመርጡ ይጠይቃል፣ «ወይም» አማራጭ ይዘረዝራል። ከሁለት ቀን በላይ አታቅርቡ። ረቡዕን «ሮብ» የሚለው ሰው ብዙ ነውና እሱንም በዝርዝሩ አስገቡት።