ስራው በመሃል ቢሰረዝ ስንት ይከፈለኝ? ስለ ፍሪላንስ የትርጉም ውል

ጥያቄ፦ «ከአንድ የትርጉም ኤጀንሲ ጋር በፍሪላንስ ልሰራ ነው። 12,000 ቃል ነው፣ በ8 የስራ ቀን ይፈልጉታል። ውሉ "ስራው በመሃል ከተሰረዘ ከጠቅላላው ክፍያ 25 በመቶ ይከፈላል" ይላል። እርማት ደግሞ "ደንበኛው እስኪረካ ድረስ" ነው። ልፈርም?»

እንዳለ አይፈርሙት። 25 በመቶ የሚጠቅምዎት ስራው ገና ሳይጀመር ወይም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተሰረዘ ብቻ ነው። 12,000 ቃል በ8 ቀን ማለት በቀን 1,500 ነው። በአራተኛው ቀን ማታ «ደንበኛው ትቶታል» ቢሉዎት 6,000 ቃል ተርጉመዋል፤ የሚከፈልዎት ግን የ3,000 ቃል ነው። በሰባተኛው ቀን ቢሆን 10,500 ሰርተው ያው የ3,000 ብቻ ይደርስዎታል። ስራው በገፋ ቁጥር ጉዳቱ በሙሉ ወደ እርስዎ ይዞራል ማለት ነው።

የስረዛ ክፍያ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መሸፈን አለበት። አንደኛው የተሰራው ስራ ነው፤ እሱ በሙሉ ዋጋው ይከፈላል፣ ድርድር የለውም። ሁለተኛው ለዚህ ስራ ብለው ሌላ ስራ ሳይቀበሉ የያዟቸው ቀሪ ቀናት ናቸው፤ ለእነሱ ከቀሪው ስራ ዋጋ በመቶኛ ይከፈላል። እኔ 30 በመቶ ብዬ እጀምራለሁ፣ 20 ቢሉም እስማማለሁ። በዚህ ስሌት በአራተኛው ቀን ማታ ቢሰረዝ የተሰራው 6,000፣ ከቀሪው 6,000 ደግሞ 30 በመቶው 1,800፣ በድምሩ የ7,800 ቃል ክፍያ ይሆናል። አንቀጹን እንዲህ ብለው ይላኩላቸው፦

«ኤጀንሲው ስራውን ከሰረዘ የስረዛው ማስታወቂያ በጽሑፍ እስከደረሰበት ሰዓት ለተተረጎመው ቃል ሙሉ ዋጋ፣ ለቀሪው ቃል ደግሞ የዋጋውን 30 በመቶ ይከፍላል። ቃል የሚቆጠረው በምንጩ ጽሑፍ ነው። ስራው ከ5 የስራ ቀን በላይ እንዲቆም ከተደረገ እንደተሰረዘ ይቆጠራል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። «ተሰርዟል» የሚል ኤጀንሲ ጥቂት ነው፤ የተለመደው «ለጊዜው ይቆይ» የሚለው ነው። ስራው በወረቀት ላይ ሳይሰረዝ ለወራት ተንጠልጥሎ ሲቀር የስረዛ ክፍያ የሚጠይቁበት ቀን አይመጣም። የምንጭ ጽሑፍ ቆጠራውም ያለ ምክንያት አልገባም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም መስተዋድዱና ተውላጠ ስሙ ከቃሉ ጋር ስለሚጣበቁ የአማርኛው ቃል ቁጥር ያንሳል። በአማርኛው ከተቆጠረ ያው ድካም በትንሽ ቁጥር ይከፈላል። የሰሩትን ለማሳየት በየቀኑ ማታ የደረሱበትን ፋይል በኢሜይል መላክ ይበቃል፤ ኢሜይሉ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመሰክራል።

የማስረከቢያው ቀን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። 8ቱ ቀናት መቆጠር የሚጀምሩት ውሉ ከተፈረመበት ሳይሆን ሙሉው ፋይልና የቃላት መፍቻው እጅዎ ከገቡበት ቀን እንደሆነ ይጻፍ። ፋይሉ በሶስተኛው ቀን ማታ መጥቶ ቀኑ ካልተገፋ በቀረው 5 ቀን በቀን 2,400 ቃል ሊሰሩ ነው፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ምንጩ በመሃል ከተቀየረ፣ ወይም ለጥያቄዎ መልስ ከ1 የስራ ቀን በላይ ከዘገየ፣ ማስረከቢያውም በዚያው ልክ ይገፋ። የሰዓት ቀጠናውንም በስም ይጥቀሱ፤ «እስከ ቀኑ መጨረሻ» የሚለው ለሁለት አገር ሰው ሁለት የተለያየ ሰዓት ነው።

«ደንበኛው እስኪረካ ድረስ» የሚለውን ሙሉ በሙሉ ያስወጡት። መጨረሻ የሌለው እርማት ክፍያውንም መጨረሻ ያሳጣዋል፤ ክፍያው «ከተቀባይነት በኋላ በ30 ቀን» ከሆነ ደንበኛው እስካልረካ 30ው ቀን መቆጠር አይጀምርም። በምትኩ ስህተትንና ምርጫን ይለዩ። የትርጉም ስህተት፣ የተዘለለ ዓረፍተ ነገር፣ ከተሰጠው መፍቻ የወጣ ቃል በነጻ ይታረማል። ትክክል የሆነውን «ውል» ወደ «ስምምነት» ቀይርልን የሚል ጥያቄ ግን ምርጫ ነው፤ ከአንድ ዙር በኋላ በሰዓት ይከፈልበታል። ምንጩ ተቀይሮ የመጣ ከሆነ አዲስ ስራ ነው፣ በቃል ይቆጠራል። ኤጀንሲው አስተያየቱን ካስረከቡ በኋላ በ10 የስራ ቀን ውስጥ ካላቀረበ ስራው ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠር፤ የክፍያው 30 ቀን ደግሞ ካስረከቡበት ቀን ይጀምር።

25 በመቶውን አንነካም ካሉ ስራውን በሶስት የስራ ትዕዛዝ እንዲከፋፍሉት ይጠይቁ፤ እያንዳንዱ 4,000 ቃል፣ የራሱ ማስረከቢያና የራሱ ክፍያ ያለው ይሁን። በአንድ ትዕዛዝ ከሆነ ሊጨርሱ ሲሉ ቢሰረዝ እስከ 9,000 ቃል ሳይከፈልዎት ሊቀር ይችላል። በሶስት ከተከፋፈለ ግን የሚሰረዘው በእጅዎ ያለው ትዕዛዝ ብቻ ስለሆነ በስረዛ የሚያጡት ከ3,000 ቃል አይበልጥም።