ኮንደንሲንግ ቦይለር ስትገዙ መጀመሪያ የሚመለሰውን ውሃ እዩ

«ሰላም ጋሼ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። የገዛነው ሕንፃ የድሮ ነው። የሚሞቀው በሙቅ ውሃ ነው፤ ራዲያተሮቹ ከባድ የብረት ናቸው። 600,000 ቢቲዩ የሆነው ቦይለር አርጅቷል። ኮንትራክተሩ በዚያው መጠን አንድ ኮንደንሲንግ ቦይለር አስገብቶ ጭሱን በድሮው የጡብ ጭስ ማውጫ ሊያወጣው ነው። ‹95 ፐርሰንት ይሠራል› ይላል። የወጥ ቤቱ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ታንክም ጭሱን የሚያወጣው በዚያው ጡብ ነው። እንፈርም?»

ሰላም ወንድሜ። አትፈርሙ፤ ቢያንስ እንደዚህ ሆኖ አትፈርሙ። መጠኑም ጭስ ማውጫውም መታረም አለበት። ስልክ ደውዬ የጋዝ ቢል እንድትፈልጉ ያደረግኳችሁና ራዲያተር ያስቆጠርኳችሁ ለዚህ ነበር።

ከመጠኑ እንጀምር። ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው፤ 600,000 ማለት ቦይለሩ በሰዓት የሚያቃጥለው ነው። በድሮው ቦይለር ላይ የተለጠፈው ይህ ቁጥር ሕንፃው ስንት ሙቀት እንደሚፈልግ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ምን እንደገጠመ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ገጣሚ አስፍቶ ነበር የሚገጥመው። እውነቱን የያዘው የጋዝ ቢላችሁ ነው።

በጃንዋሪ 1,430 ቴርም ፈጅታችኋል። በጁላይ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ እያለ፣ 80 ቴርም ነው። ያ 80 የወጥ ቤቱና የሙቅ ውሃው ነውና እንቀንሰው፤ ለማሞቂያ የሄደው 1,350 ቴርም ይሆናል። አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ነው። የድሮው ቦይለር ከሚያቃጥለው 75 ፐርሰንቱን ወደ ውሃው ያስገባል ብንል፣ ሕንፃው ያገኘው 101 ሚሊዮን ቢቲዩ ገደማ ነው። በዚያ ወር የብርዱ መጠን 900 ዲግሪ ቀን ነበር። ይህ ማለት የየቀኑ የውጪ አማካይ ከ65 ፋራናይት ስንት ዲግሪ እንደጎደለ ተደምሮ ማለት ነው። 900ን በ24 ሰዓት አባዙና 101 ሚሊዮኑን ለእሱ አካፍሉ። 4,700 ቢቲዩ ገደማ ይወጣል። ውጪው አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ሕንፃችሁ በሰዓት ተጨማሪ 4,700 ቢቲዩ ይፈልጋል ማለት ነው።

ለዋሽንግተን አካባቢ ስናሰላ እንደ ከባድ ብርድ የምንይዘው 17 ፋራናይት ያህል ነው። ከ65 ላይ 17 ሲቀነስ 48 ነው። 48 በ4,700 ሲባዛ 225,000 ቢቲዩ። በቃ። በከባዱ ብርድ ሌሊት እንኳ የምትፈልጉት 600,000 አይደለም።

ይህ ስሌት ለእናንተ የሠራው ሕንፃውን ሌት ተቀን 68 ላይ ስለምትይዙት ነው። ሳምንቱን ሙሉ አጥፍቶ ለእሑድ ብቻ የሚያሞቅ ቤት ቢሆን የጋዝ ቢሉ ያታልላል። የቀዘቀዘውን ግድግዳና ወንበር ለመመለስ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል። እንዲያ ከሆነ ግድግዳውን፣ መስኮቱንና ጣሪያውን ለክቶ ማስላት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጋዝ ሲቃጠል ጭሱ ውስጥ ብዙ የውሃ እንፋሎት አለ። ከጋዙ ሙቀት አሥር ፐርሰንት የሚሆነው እዚያ እንፋሎት ውስጥ ተደብቆ ነው የሚወጣው። ኮንደንሲንግ ቦይለር የሚያደርገው እንፋሎቱን ቦይለሩ ውስጥ እንዳለ ጤዛ አድርጎ ያንን ሙቀት መመለስ ነው። ጤዛ የሚሆነው ግን ጭሱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ነው። ቀዝቃዛው ነገር ደግሞ ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ነው። ለተፈጥሮ ጋዝ ድንበሩ 130 ፋራናይት አካባቢ፣ በሴልሺየስ 55 ገደማ ነው። ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆ ከተመለሰ ያ ውድ ቦይለር እንደ ተራ ቦይለር ነው የሚሠራው። 160 ሆኖ ከተመለሰ 87 ፐርሰንት ቢያገኝ ነው። 110 ሆኖ ሲመለስ ወደ 92 ይወጣል። 90 ላይ ሲደርስ 95ን ይነካል።

ኮንትራክተሩ «95» ሲላችሁ አልዋሸም። ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አልነገራችሁም። እንዲህ ትልልቅ የንግድ ቦይለሮች የሚፈተኑት 80 ፋራናይት ውሃ እየገባላቸው ነው። ራዲያተር ያለው ቤት በብርድ ወራት 80 ፋራናይት ውሃ አይመልስም።

ስለዚህ የእናንተ ራዲያተሮች ውሃውን ስንት አድርገው ይመልሳሉ? ራዲያተሮቹ የተገጣጠሙባቸውን የብረት ክፍሎች 600 ቆጥራችኋል። ሁሉም 38 ኢንች ቁመትና ሁለት ዓምድ ያላቸው ናቸው። የዚህ ዓይነት አንድ ክፍል በድሮው መለኪያ 4 ስኩዌር ፊት ይባላል። በጠቅላላው 2,400 ነው። የውሃው አማካይ ሙቀት 170 ሲሆን እያንዳንዱ ስኩዌር ፊት 150 ቢቲዩ ይሰጣል፤ ሁሉም አንድ ላይ 360,000 ቢቲዩ። እናንተ ግን የምትፈልጉት 225,000 ነው። እነዚያ ሰዎች እያማረሩ «ይነቀሉ» የሚሏቸው ግዙፍ ብረቶች ትልቅ ሀብታችሁ ናቸው። ብዙ ገጽ ስላላቸው በለዘበ ውሃም ቤቱን ያሞቃሉ።

ሲሰላ፣ በ17 ፋራናይት ሌሊት የውሃው አማካይ 140 ይበቃል። 150 ሆኖ ሄዶ 130 ሆኖ ይመለሳል። ልክ ድንበሩ ላይ ነው። ውጪው 37 ሲሆን ደግሞ 122 ሆኖ ሄዶ 110 ሆኖ ይመለሳል። የዋሽንግተን ጃንዋሪ አማካዩ 37 አካባቢ ነው። ስለዚህ ብርዱን ወራት በሙሉ ማለት ይቻላል ጤዛ እያገኛችሁ ትከርማላችሁ። አንድ ሁኔታ ግን አለ። የሚሄደው ውሃ ሙቀት የውጪውን ብርድ ተከትሎ መውጣትና መውረድ አለበት። ለዚህ በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ የውጪ ሴንሰር ይተከላል። ቦይለሩ ላይ ሁለት ነጥብ ይሞላል፦ በ17 ሲሆን 150፣ በ37 ሲሆን 122። ይህ ካልተሞላና ውሃው ሁልጊዜ 180 ሆኖ ከሄደ ሁሉም ከንቱ ነው።

አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ሕንፃ አለ። አዲስ ኮንደንሲንግ ቦይለር ገብቶ ጋዙ ምንም አልቀነሰም ነበር። ቤዝመንት ገብቼ ሁለት ቦታ የቧንቧ ቴርሞሜትር አሰርኩ፤ ከሕንፃው በሚመለሰው ቧንቧ ላይና ቦይለሩ ሊገባ በቀረበው ላይ። አንዱ 118፣ ሌላው 151 አለኝ። ለካ የድሮውን ቦይለር ይጠብቅ የነበረው ማደባለቂያ ቫልቭ ሳይነቀል ቀርቷል። የድሮ ቦይለር ቀዝቃዛ ውሃ ከተመለሰለት ጤዛው ይበላዋል፤ ስለዚህ ሙቁን ውሃ መልሰው ያቀላቅሉለታል። ለአዲሱ የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው ነው። የቦይለሩ ፓምፕ ከሕንፃው ፓምፕ በላይ ውሃ ሲገፋም ያው ይሆናል። ትርፉ ሙቅ ውሃ ዞሮ ይመለስና ቀዝቃዛውን ያሞቀዋል። የእናንተ ሥራ ሲያልቅ ይህንን የሁለት ቦታ ልኬት ፊታችሁ ይሥሩላችሁ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ወይም ለእኩል የቀረቡ መሆን አለባቸው።

እንግዲህ የምመክረው አንድ ትልቅ ሳይሆን እያንዳንዳቸው 150,000 የሚያቃጥሉ ሁለት ቦይለሮች ነው። በሞቀ ውሃም እንኳ ሁለቱ አንድ ላይ 260,000 ያህል ይሰጣሉ። አንዱ ቢበላሽ የቀረው ብቻውን ውጪው 37 እስኪደርስ ቤቱን ይይዛል። ለብቻው ያለ ትልቅ ቦይለር ቢበላሽ ግን ቅዳሴው በብርድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት እሳቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ሙሉ ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ የሚወርድ ባለ 600,000 ቦይለር ከ60,000 በታች አይቃጠልም። በኤፕሪል ሕንፃችሁ 40,000 ብቻ ሲፈልግ እየበራ እየጠፋ ይውላል። ይህ የቦይለሩን ክፍሎች ይበላል፤ በየበራው ቁጥር ደግሞ በርነሩ አየር ሲጠርግ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ባለ 150,000 ግን እስከ 15,000 ወርዶ ሳይጠፋ ይሠራል።

ወደ ጭስ ማውጫው። የድሮው ቦይለር ጭስ ትኩስና ቀላል ስለሆነ በራሱ ጡቡ ውስጥ ይወጣል። የአዲሱ ጭስ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ በራሱ አይወጣም፤ ማራገቢያ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ጡብ ውስጥ ከተለቀቀ ሁለት ጉዳት አለው። አሲዳማው ጤዛ ሲሚንቶውን ይበላል። የሚገፋው ጭስ ደግሞ በስንጥቁ ሁሉ ወደ ቤት ይገባል። የታሸገ፣ አምራቹ የፈቀደው የራሱ ቧንቧ ያስፈልገዋል።

የፒቪሲ ፕላስቲክ ቧንቧ ርካሽ ነው፤ ግን 140 ፋራናይት አካባቢ ነው አቅሙ። ጭሱ ደግሞ ከሚመለሰው ውሃ ሁልጊዜ ጥቂት ይሞቃል። ውሃው አንድ ቀን 160 ሆኖ ከተመለሰ ፒቪሲው ከአቅሙ በላይ ነው። እኔ እስከ 230 የሚችለውን ፖሊፕሮፒሊን ነው የምገጥመው። አግድም የሚሄደው ክፍል በየአንድ ፊቱ ሩብ ኢንች ወደ ቦይለሩ ያዘንብል፤ አለዚያ ውሃው መሃል ላይ ተኝቶ ጭሱን ያፍነዋል። እያንዳንዱ የቧንቧ መታጠፊያ እንደ ተጨማሪ ርዝመት ይቆጠራል፤ ድምሩ በአምራቹ መመሪያ ካለው በላይ አይሁን። ሁለቱ ቦይለሮች ለየብቻቸው ቧንቧ ይኑራቸው። በአንድ ቧንቧ ከተጣመሩ የሚሠራው ጭሱን በቆመው በኩል ሊመልሰው ይችላል።

ጤዛውም መሄጃ ያስፈልገዋል። በመካከለኛ የጃንዋሪ ቀን 15 ጋሎን ገደማ ይወጣል። በእብነ በረድ ጠጠር የተሞላ ማጣሪያ አልፎ ነው ወደ ፍሳሽ መግባት ያለበት፤ የብረት ፍሳሽ ቧንቧ ካላችሁ በተለይ። ትራፑ፣ ማለትም ጤዛው የሚያልፍበትና ውሃ ይዞ ጭሱን የሚዘጋው መውጫ፣ በውሃ መሞላቱን ቦይለሩ ከመለኮሱ በፊት ያረጋግጡ፤ ባዶ ከሆነ ጭሱ በእሱ በኩል ክፍሉ ውስጥ ይወጣል።

ወዴት ይውጣ? በጎን ግድግዳ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ነጭ እንፋሎቱ በብርድ ቀን ወፍራም ነው። የእናንተ ሕዝብ ከቅዳሴ በኋላ ደጅ ላይ የሚቆም ነው። ስለዚህ በጣሪያ ቢወጣ ይሻላል። ለዚህ የጡቡን ባዶ መተላለፊያ መጠቀም ይቻላል፤ ቧንቧዎቹ ውስጡን አልፈው ይወጣሉ። ጡቡ ግን ለሌላ ጭስ ማገልገል የለበትም።

ያ የወጥ ቤቱ ታንክ እዚህ ላይ ነው ትልቅ ጣጣ የሚሆነው። ቦይለሩ ከጡቡ ቢላቀቅና ታንኩ ብቻውን ቢቀር፣ ጭስ ማውጫው ለእሱ በጣም ሰፊ ይሆናል። ትንሿ ጭስ ጡቡን ማሞቅ ያቅታታል፤ ስለዚህ ወደ ላይ መውጣቷ ቀርቶ ወደ ቤዝመንቱ ትመለሳለች። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊይዝ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም። የእኔ ምክር ታንኩን አንሥቶ በቦይለሩ ውሃ የሚሞቅ ታንክ መግጠም ነው። ያኔ ጡቡ ነጻ ይሆናል። ታንኩን ለማሞቅ ቦይለሩ ለአጭር ጊዜ 170 ወይም 180 ይሄዳል፤ ፖሊፕሮፒሊን ያልኩት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ታንኩን አሁን መቀየር ካልቻላችሁ በጡቡ ውስጥ በልኩ የሆነ የብረት ቱቦ ይውረድለት፤ ያኔ ቦይለሮቹ በሌላ በኩል ይውጡ። ሥራው ሲያልቅ የቤዝመንቱን በሮች ዝጉ፤ የወጥ ቤቱን አየር ማውጫ ማራገቢያ አብሩ፤ ታንኩን ለኩሱ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በታንኩ አናት ባለው ክፍት ቦታ ትንሽ መስታወት አስጠጉ። መስታወቱ ጉም ከለበሰ ጭሱ እየተመለሰ ነው፤ ወዲያው አጥፉት። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ የሚማሩት እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ነው ብላችሁኛል። ስለዚህ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን ዛሬ ግጠሙት፤ ቦይለሩ እስኪመጣ አትጠብቁ።