ከውጭ አገር ሆናችሁ ሐዋሳ ላይ ቤት ለምታሠሩ፦ ተቋራጭ በቴሌግራም ድምፅ አይባረርም

1. መጀመሪያ የውክልናውን ወረቀት በአጭሩ ልጨርስ። ወንድማችሁ ሐዋሳ ላይ ሊወክላችሁ ከሆነ ውክልናው «ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ፣ ውል ሊያቋርጥ፣ ሊከስና ሊከሰስ» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ለክስ ልዩ ሥልጣን ስለሚጠይቅ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም።

2. ውል የሚቋረጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ተቋራጩ ስላጠፋ ነው፤ ሁለተኛው እሱ ሳያጠፋ እናንተ ስለፈለጋችሁ ነው፤ ገንዘብ አለቀ፣ ሐሳባችሁን ቀየራችሁ እንበል። ሁለተኛውን የሚፈቅድ አንቀጽ ውሉ ላይ ከሌለ መብቱ አለኝ ብላችሁ አትመኩ። ካለም ለሠራው፣ ሳይት ላይ ላስገባው ዕቃና መሣሪያውን ነቅሎ ለሚወጣበት ወጪ ትከፍላላችሁ።

ልዩነቱ በብር ይታይ። ጂ+2 ቤት በ12 ሚሊዮን ብር ተዋውላችሁ፣ ቅድመ ክፍያን ጨምሮ 6.2 ሚሊዮን ልካችኋል። ሥራው ሲለካ 5 ሚሊዮን፣ ሳይት ላይ ያለው ፌሮና ሲሚንቶ 400 ሺህ ያወጣል፤ ስለዚህ 800 ሺህ በትርፍ ተከፍሏል። ቀሪውን በ6.6 ሚሊዮን ሊያልቅ ይገባው የነበረውን ሥራ አዲሱ ተቋራጭ 8.1 ሚሊዮን ጠየቀ። ውሉ የተቋረጠው በጥፋት ከሆነና ይህን ማስረዳት ከቻላችሁ 800 ሺሁንም የ1.5 ሚሊዮኑንም ልዩነት፣ በድምሩ 2.3 ሚሊዮን ትጠይቃላችሁ። በፍላጎታችሁ ካቋረጣችሁት ግን የ1.5 ሚሊዮኑ ሸክም የእናንተ ነው፤ ከ800 ሺሁም የመውጫ ወጪው፣ 200 ሺህ ቢሆን፣ ይቀነሳል። የሚተርፋችሁ 600 ሺህ ነው።

3. እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሌሊት ፈረቃ የተጠራቀመ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ለሁለት ወር ሳይት አልረገጠም፤ ጥፋቱ የማያጠያይቅ ነው። እናንተ ግን ተናዳችሁ «ከዛሬ ጀምሮ አትምጣ» የሚል የድምፅ መልእክት ትልካላችሁ፣ በሳምንቱ ሌላ ተቋራጭ ታስገባላችሁ። ፍርድ ቤት ስትደርሱ አጥፊው እናንተ ሆናችሁ ትገኛላችሁ! ሰውየው «ልመለስ ስል ከለከሉኝ» ይላል፣ ማስረጃውንም በገዛ ድምፃችሁ ሰጥታችሁታል።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ደብዳቤ ነው፣ በአንድ ወረቀት አይጠቃለልም። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። የተጣሰውን የውል አንቀጽ፣ የጎደለውን ሥራና የማስተካከያ ጊዜውን ይናገራል፤ ጊዜው ካለፈ ሥራውን እንደማትቀበሉም ይገልጻል። ውሉ ቀን ከቆረጠ ያንን ተከተሉ። ካልቆረጠ ቁጥር 1774 ምክንያታዊ ጊዜ ይላል። የቆመ ሳይት ለማስነሳት ሦስት ቀን መስጠት ለማስመሰል ነው፤ 15 ቀን ያስኬዳል።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት «ሥራውን ቀጥል» ብላችሁ ስትጽፉ ነው። ሰውየው በ14ኛው ቀን አምስት ሠራተኛና አንድ ጋሪ አሸዋ ያስገባና ቀጥያለሁ ይላል፤ እውነትም ቀጥሏል። ይልቅ የሚለካ ነገር ጻፉ፦ «የአንደኛ ፎቅ 12 ኮለን ፌሮና ፎርምወርክ ተጠናቆ ኮንክሪት ይሞላ።» ቀኑ ሲያልቅ ወኪላችሁ ከመሐንዲስ ጋር ሄዶ ይቆጥራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰው ማግስት እንዲሆን አድርጉ፣ መጨረሻውንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከደረሰው 15ኛው ቀን ጥር 27 ነው፣ በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2025። «4/2» ብቻ ብትጽፉ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ነው ብሎ ይከራከራችኋል። ደብዳቤው ውሉ ላይ ባለው አድራሻ ይሂድ። ቢሮው ከተቀበለ ቅጂው ላይ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ይደረግ። አልቀበልም ካለ ሁለት ምስክሮች እንቢታውን ይፈርሙ፤ በዚያው ቀን በፖስታ ቤት ሪኮማንዴ ይላክና ደረሰኙ ይቀመጥ።

በማስተካከያው ጊዜ እናንተም እጃችሁን ሰብስቡ። የመክፈያ ጊዜው ደርሶ ሳትከፍሉ ከቆያችሁ ያዘገያችሁት እናንተ ናችሁና ጥፋቱ ይዞርባችኋል፤ መጀመሪያ ክፈሉ። ሳይቱን አትቆልፉ፣ ሌላ ተቋራጭም አታስገቡ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ «ትንሽ ጨምሩልኝ» ሲል ዝም ብላችሁ አታሠሩት፤ ሳትቃወሙ ካሠራችሁት ማስጠንቀቂያውን ትታችሁታል ይባላል፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራላችሁ። መጨመር ከፈለጋችሁ አዲሱን ቀን በጽሑፍ ስጡ፣ መብታችሁን እንዳልተዋችሁም አስፍሩ።

ሳይስተካከል ቀኑ ካለፈ ሁለተኛው ደብዳቤ ይወጣል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀንና ያልተፈጸመውን ሥራ ጠቅሶ፣ ውሉ ከዚህ ቀን ጀምሮ መቋረጡን ያስታውቃል፤ ቁጥር 1787 የሚፈቅደው ይህንን ነው። እዚያው ላይ ለጋራ ልኬት ቀን ቁረጡ። ባይመጣም መሐንዲሱ ለክቶ ይፈርም። አዲሱ ተቋራጭ አንድ ብሎኬት ከጨመረ በኋላ የማን ሥራ የት እንዳበቃ የሚለይ ስለማይገኝ፣ ልኬቱ ሳይፈረም ማንም ሳይቱ አይግባ።

4. ገና ላልፈረማችሁ፦ «በጥፋት የተደረገው ማቋረጥ በቂ ምክንያት ካልተገኘለት በአሠሪው ፍላጎት እንደተቋረጠ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ብትረቱ እንኳ ዕዳችሁ ለሠራው፣ ላስገባው ዕቃና ለመውጫው በሚከፈለው ይገደባል። ተቋራጩ በምትኩ የሚያገኘው የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ለምሳሌ 28 ቀን፣ እዚያው ይጻፍ።