ቲማቲሙ የራበው ብርሃን ነው

ጥያቄ፦ «ልደታ አካባቢ ነው የምኖረው። ጥቅምት ላይ ግቢያችን ውስጥ በጆንያና በተቆረጠ በርሜል ቲማቲም፣ ቆስጣና ጎመን ተከልኩ። በደቡብ በኩል ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ጂ ፕላስ ሰባት ፎቅ ቆሟል። ሲጀምሩ ጥሩ ነበሩ። አሁን ጥር ላይ ግንዳቸው እየቀጠነ ይረዝማል፣ ቅጠላቸው ሳስቷል፣ ቲማቲሙም አበባውን ያረግፋል። ዩሪያ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፣ ውሃም ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። ምን ምግብ ጎደለባቸው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ዩሪያውን ለጊዜው ያቁሙት፤ ውሃውንም ይቀንሱ። ተክሉ የሚበላውን ከአፈር አያገኝም፤ ቅጠሉ ውስጥ ራሱ ያበስለዋል። የሚያበስለው ስኳር ነው፤ ማገዶው ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ነው። እርስዎ ጋ ያለቀው ማገዶው ነው።

አንድ የቆስጣ ቅጠል ቆርጠው ወደ ብርሃን ያንሱት። ያ አረንጓዴ ቀለም ሐመልሚል ይባላል፤ በየሕዋሱ ውስጥ ክሎሮፕላስት በሚባሉ ደቃቃ ከረጢቶች ተቀምጧል። ቅጠሉን ሲገለብጡት ደግሞ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ስቶማታ ይባላሉ፤ እንደ ከንፈር ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በእነሱ ነው። ውሃው ከሥር ተስቦ በቅጠሉ ደም ሥሮች በኩል ይደርሳል።

ብርሃን ሐመልሚሉን ሲመታው መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ውሃው ነው። ከውሃው ኦክስጅኑ ተለይቶ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ብዙ ሰው ኦክስጅኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሩበንና ካመን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባድ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሃው እንደሚመጣ አሳይተዋል። የውሃው ሃይድሮጅንና ከብርሃኑ የተያዘው ጉልበት ግን እዚያው ይቀራሉ። በሁለተኛው ደረጃ ተክሉ በዚህ ጉልበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሃይድሮጅኑ ጋር እያጋጠመ ስኳር ይሠራል። ይህኛው ደረጃ ብርሃንን በቀጥታ አይጠቀምም፤ የመጀመሪያው ሲቆም ግን እሱም ወዲያው ይቆማል። ጠቅላላ ሂሳቡ ይኸው ነው፦

6CO2 + 6H2O → C6H12O6 + 6O2

በሚዛን ብናየው፣ 100 ግራም ስኳር ለመሥራት 147 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 60 ግራም ውሃ ይበቃል፤ 107 ግራም ኦክስጅንም ይወጣል። ውሃው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም። ተክል ከሚጠጣው ውሃ አብዛኛው በቀዳዳዎቹ ተንኖ ይሄዳል፤ ስኳር የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ማጠጣትዎ ስኳሩን አያበዛውም። ጥላ ውስጥ ያለ ተክል የሚያተነውም ትንሽ ስለሆነ ውሃው በርሜሉ ውስጥ ይከርማል፤ ሥሩ ደግሞ አየር አጥቶ ይታፈናል። ጣትዎን ሁለት አንጓ ያህል አፈሩ ውስጥ አስገብተው እርጥበት ካገኙ አያጠጡ። በርሜሉ ከሥሩ ካልተበሳም ይብሱት።

ዩሪያው 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ሐመልሚልን ለመሥራት ያስፈልጋል፤ ጠቀሜታው የማሽኑን ክፍል መሥራት ነው። መብራት የጠፋበት ወፍጮ ቤት ጤፍ ቢከምሩበት ዱቄት አይወጣም። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ተክሉ ናይትሮጅኑን ወደ ፕሮቲን ለመለወጥ ካለችው ጥቂት ስኳር ላይ ይቀንሳል። የሚያወጣው ቅጠል የለሰለሰና ውሃ የበዛበት ይሆናል፤ ክሽክሽ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ይወዳል። የቅጠሎቹን ጀርባና ለጋ ጫፎቻቸውን ይመልከቱ።

ግንዱ የሚረዝመው ብርሃን ፍለጋ ነው። አበባው የሚረግፈው ደግሞ የዕለቱ ስኳር ለሁሉም ስለማይበቃ ነው። ተክሉም እንደኛ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፤ ቀን የሠራውን ስኳር ያቃጥላል። ቀን የተገኘው ሌሊት ከሚወጣው ብዙም ካልበለጠ፣ ለፍሬ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ብርሃን ለሥራው ምን ያህል እንደሚወስን በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ፣ ከጎረቤት ማሳ ባቄላ ወይም ድንች ፈልገው ከተክሉ ሳይቆርጡ የአንዱን ቅጠል መሐል በፎይል ይሸፍኑት። ሁለት ፀሐያማ ቀን ካለፈ በኋላ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይቁረጡትና ፎይሉን ያንሱ። የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ይንከሩት። ከዚያ እሳቱን አጥፍተው፣ ቅጠሉን ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉና ብርጭቆውን በሙቁ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ አልኮል ይነዳልና እሳት አጠገብ አያድርሱት። አረንጓዴው ለቆ ቅጠሉ ሲነጣ በውሃ አለቅልቀው አዮዲን ያንጠባጥቡበት። ፀሐይ ያገኘው ክፍል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ስኳሩ ስታርች ሆኖ ተጠራቅሟልና። የተሸፈነው ቡናማ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ቅጠል ላይ፣ በአንድ አፈርና በአንድ ውሃ፣ ልዩነቱ ብርሃኑ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፎቁ። ስምንት ወለል በሦስት ሜትር ቢሰላ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ የፎቁ ጥላም 15 ሜትር ያህል ወደ እርስዎ ግቢ ይዘረጋል። ስድስት ሜትር ላይ ላሉት በርሜሎችዎ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትጠፋው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። ጥቅምት ላይ ሲተክሉ ፀሐይዋ ከፎቁ ጀርባ ገና መግባቷ ነበር ማለት ነው። የምትመለሰው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። ከሚያዝያ 5 ገደማ እስከ ነሐሴ 23 ድረስ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን፣ በደመናው ካልሆነ በቀር ፎቁ አይከለክላትም።

ስለዚህ ቲማቲሙን አሁን ለማዳን አይድከሙ፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ጥር መጨረሻ ላይ አዲስ ዘር በትንሽ ሳጥን ይዝሩ፤ ችግኙን ፀሐይ ወደምታገኘው ጣሪያ ወይም በረንዳ ያውጡት፤ መጋቢት ሲገባ ወደ በርሜሉ ያዛውሩት። ክረምቱ ሳይጠና ፍሬ መልቀም ይጀምራሉ። በዚያው በርሜል እስከዚያ ሰላጣና ቆስጣ ይቆዩ፤ ሦስት አራት ሰዓት ፀሐይ ካገኙ ይበቃቸዋል፤ የምንበላው ቅጠላቸውን ስለሆነ አበባና ፍሬ የማቆየት ወጪ የለባቸውም። የጎመኑን ጆንያ ወደ ግቢው ሰሜናዊ ጫፍ ይግፉት። ከኋላው ግድግዳ ካለ ኖራ ይቀቡት፤ ነጭ ግድግዳ የሰማዩን ብርሃን መልሶ ወደ ቅጠሉ ይልካል። አካባቢዎ ግንባታ ካለበት የሲሚንቶው አቧራ ቅጠሉ ላይ ይተኛልና በሳምንት አንዴ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ያጥቡላቸው።

የረዘመው ግንድ ተመልሶ አያጥርም፤ እሱን አይጠብቁ። ካዛወሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ በአዲሶቹ ቅጠሎች መካከል ያለውን ርቀት በጣትዎ ይለኩ። ከበፊቱ ካጠረና ቅጠሉ ከወፈረ፣ ስኳሩ መተረፍ ጀምሯል። ካላጠረ ጆንያውን ሌላ ቦታ ይሞክሩት።