መልስ፦ ከፍቺ በኋላ ስላለው ባዶ ምሽት

ጥያቄ፦ «ከ22 ዓመት ትዳር በኋላ ተለያየን። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን ነኝ። የጋራ ጓደኞቻችን ጠፉ። ማታ ማታ ቤቱ ይውጠኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ሁሉም ጠልተውሽ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ዝም ያሉት አንቺን ቢጠሩ እሱ እንዳይቀየማቸው ፈርተው ነው። ስለዚህ ባልና ሚስቱ አብረው እስኪመጡ አትጠብቂ። የምትቀርብሽን አንዷን ለይተሽ ደውዪላት። «ስለ እሱ አናወራም፣ ቅዳሜ ቡና ላፍላና ነይ» በያት። ወገን ምረጪ እንደማትባል ስታውቅ ይቀላታል። ሁለቴ ጠርተሻት ከቀረች ተያት፣ ደጅ አትጥኚ።

እድሩን ግን ቶሎ ጠይቂ። በብዙ እድር አባልነቱ የተመዘገበው በአባወራው ስም ነው። ጸሐፊው ጋ ሄደሽ በራስሽ ስም እንዴት እንደምትመዘገቢ ጠይቂ። እንደ ደንባቸው መግቢያ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ። ጥቅሙ ለክፉ ቀን ብቻ አይደለም። ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስትልጪ፣ የእገሌ ሚስት ሳትባዪ በራስሽ የሚያውቁሽ ጎረቤቶች ታፈሪያለሽ።

ምሽት ላይ ከባዱ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው፣ ድሮ እራት የሚቀርብበት። ከሥራ ገብተሽ ሶፋው ላይ ከተቀመጥሽ አበቃ፣ አትነሺም። ልብስ ሳትቀይሪ ሽሮሽን ጣጂ። ድስቱን ግን ቀይሪው! በዚያ በትልቁ ድስት ለአንድ ሰው መሥራት ሆድ ያስብሳል።

እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እምቢ ካለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ለሐኪም ንገሪ። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ሳምንት አትቁጠሪ፣ የዚያኑ ቀን ሂጂ፤ ሰው ይዘሽ ቢሆን ይሻላል።